3 ሚሊ ትቼ ነበር እኮ! የ3,000 የቡና ካርቶን ክር

ስለ ተበላሹት 3,000 የቡና ካርቶኖች መድረኩ ላይ የሚያወራውን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። በንዴት ነው የጻፍኩት፤ አሁን መለስ ብዬ ሳነበው የመጀመሪያው አንቀጽ ያሳፍረኛል። ግን ከኋላ የመጡ ሰዎች ሃያውን ምላሽ ማንበብ እየሰለቻቸው ያንኑ ጥያቄ በውስጥ መስመር ስለሚልኩልኝ፣ ማን ምን እንዳለ በተራው ልተርከው። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፤ የገባኝን በራሴ አነጋገር ነው ያስቀመጥኩት።

የመክፈቻው ጥያቄ

ቡና ቆልቶ ለሚሸጥ ደንበኛዬ የ250 ግራም ካርቶን ሠራሁለት። ፊቱና ጀርባው ክሬም፣ ሁለቱ ጎኖቹ ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። የፊቱ ስፋት 80 ሚሊ፣ የጎኑ 60፣ ቁመቱ 180። ካርቶኑ የሚቆረጥበትንና የሚታጠፍበትን መስመር፣ ዳይላይኑን፣ ራሴ ነበርኩ የሳልኩት፤ ከግራ ሲጀመር 15 ሚሊ የሙጫ ምላስ፣ ከዚያ ጀርባ፣ ጎን፣ ፊት፣ ጎን። 3,000 ታትሞ ሲመጣ ግን ጉድ ነው። ክዳኑና ከክዳኑ ሥር የሚታጠፉት ሁለቱ ጆሮዎች ጠርዛቸው ላይ ነጭ አውጥተዋል። ፊቱ ላይ በአንድ በኩል አረንጓዴ ሽራፊ ገብቶበታል። እጥፋቶቹ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ነጭ መስመር አለ። ጀርባ ላይ ያለው ትንሹ ጽሑፍ እንባ ባቀረረ ዓይን እንደሚያነቡት ሆኗል። ይባስ ብሎ ካርቶኑ ሲታጠፍ ጥጉ አይገጥምም።

እኔ የጻፍኩት ፋይሌ ትክክል ነው፣ በአራቱም በኩል 3 ሚሊ ብሊድ፣ ማለትም ከመቁረጫው መስመር የሚያልፍ ትርፍ ቀለም፣ ትቻለሁ፣ ፋይሉ በአራቱ የኅትመት ቀለሞች፣ በሲኤምዋይኬ ነው፣ ስለዚህ ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ ነው የሚል ነበር። ያነሳሁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ገንዘቡን እንዴት ላስመልስ?

ምላሾቹ

1። የመጀመሪያው ሰው ጨዋ ነበር። አይዞህ ካለ በኋላ ከምንም በፊት የፋይሉን ፎቶና ያልታጠፈ አንድ ካርቶን ፎቶ እንድለጥፍ ጠየቀ። ሦስት ፎቶ ለጠፍኩ።

2። ሁለተኛው ብሊድ ማለት ቀለም በወረቀቱ ሰርጎ ወደ ጀርባው መድማቱ መስሎት፣ ወፈር ያለ ወረቀት ብጠቀም ኖሮ ይህ ሁሉ እንደማይመጣ በረጅሙ መከረ። ስለ ወረቀት መምጠጥ ያለው ነገር ለብቻው ቢነበብ ጥሩ ነው፤ ጥያቄዬ ግን አልነበረም። ማንም አላረመውም፤ እኔም ዝም አልኩ።

3። ሦስተኛው እሳት ነው። ማተሚያ ቤቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው፣ መቁረጫቸው ያረጀ ነው፣ እንዳትከፍላቸው አለ። መፍትሔ ያለው ደግሞ ብሊዱን ከ3 ወደ 5 ሚሊ ማሳደግ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ 5 እንደሚያደርግና አንድም ቀን ነጭ ጠርዝ አይቶ እንደማያውቅ ማለ። ስምንት ሰው ወደደለት። ከወደዱት አንዱ እኔ ነኝ።

4። ከዚያ የማተሚያ ሰሌዳ የሚሠራበት ፕሌት ቤት ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ ሰው መጡ። መድረኩ ላይ ብዙ አይጽፉም፤ ሲጽፉ ግን ሰው ያነብላቸዋል። ልጄ ብለው ጀምረው ፎቶውን እንዳዩት፣ ያልኩት 3 ሚሊ በእርግጥም እንዳለ፣ ግን ያለቦታው እንዳለ አስረዱኝ። ፕሮግራሙ ላይ ብሊድ 3 ብዬ ስሞላ ብሊዱ የተሰጠው ለአርትቦርዱ ነው፤ ማለትም ካርቶኑን ለከበበው አራት ማዕዘን። ካርቶን ግን አራት ማዕዘን አይደለም። ክዳን አለው፣ ጆሮ አለው፣ ጆሮው ጥጉ ላይ ይሰየፋል። ቢላዋው የሚሄደው በእነዚያ ጠርዞች ዙሪያ ነው። እኔ ደግሞ አረንጓዴውንና ክሬሙን ልክ ዳይላይኑ ላይ አቁሜያቸው ነበር። ቀይዋ የብሊድ መስመር ከሩቅ ሆና ታየኛለች፣ እኔም ጨረስኩ ብዬ ተኝቻለሁ። ክዳኑ ላይ የተውኩት ብሊድ ዜሮ ነበር።

እሳቸው የሚያዩበትን ዘዴም ነገሩን። የዳይላይኑን ሌየር አጥፍተህ ቀለሙን ብቻ ተመልከት። ክዳኑና ጆሮው ልቅም ባለ ጠርዝ፣ እንደ ተቆረጠ ካርቶን ሆነው ከታዩህ ብሊድ የለህም። ደህና ፋይል ዳይላይኑ ሲጠፋ ያበጠና ቅርጹ የተበላሸ ነው የሚመስለው። ይህን አንብቤ ፋይሉን ከፍቼ ሌየሩን አጠፋሁ። እንዲያ ያለ የተዋበ ጠርዝ ዓይቼ አላውቅም!

ለሦስተኛው ሰው ያሉት አጭር ነበር። ቀለም ከመስመሩ ካላለፈ፣ ሳጥኑ ውስጥ 5 ተጻፈ 50 ተጻፈ ለውጥ የለውም። 5 እና ከዚያ በላይ የሚጠየቀው ለቆርቆሮ ካርቶን ነው፤ ያ መሀሉ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የታጠፈው ወፍራም ነው፣ ሲቆረጥም ይንሸራተታል። በእኔ ካርቶን ላይ ደግሞ በክዳኑና በጆሮው መካከል ያለው ክፍተት 1 ሚሊ ብቻ ስለሆነ እዚያ 5 ይቅርና 3 እንኳ አይገባም። እንዲህ ባለ ቦታ የሁለቱ ቀለም መሀል ላይ ይገናኛል፤ ግማሽ ሚሊ ለዚህ፣ ግማሽ ለዚያ። ሁለቱ አንድ ቀለም ከሆኑ ይሻላል፤ ካልሆኑ አንዱ ወደ ሌላው ትንሽ መግባቱን መቀበል ነው።

5። ሦስተኛው ሰው ተመልሶ፣ እሱ የሚሠራው ለቆርቆሮ ካርቶን እንደሆነ አመነ። ይቅርታ ግን አላለም።

6። አንድ ወጣት ስለ ደበዘዘው ጽሑፍ መጣ። ፋይሉ በስክሪን ቀለም፣ በአርጂቢ፣ ስለነበረ ነው፣ ወደ ሲኤምዋይኬ ቀይረውና ያበቃለታል አለ። እኔም ትንሽ ሞቅ ብሎኝ፣ መክፈቻው ላይ ሲኤምዋይኬ ነው ብዬ ጽፌያለሁ፣ አንብቡ እንጂ ብዬ መለስኩ።

7። ዱባይ ያለች እህታችን ሥራዋ ከኅትመት በፊት ፋይል መመርመር ነው። የወጣቱ መልስ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ደግሞ የችግሩ ምንጭ ነው ብላ ጀመረች። ጽሑፉን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ። ደንበኛው ከላከልኝ ፋይል ነበር የገለበጥኩት፤ አርማው፣ ስለ ቡናው የሚናገረው ጽሑፍ፣ የአፈላሉ መመሪያ፣ ሁሉም። ያ ፋይል አርጂቢ ነበር። ወደ ሲኤምዋይኬ ፋይሌ ስለጥፈው ፕሮግራሙ ራሱ ቀየረው። ሲቀይረው ግን ጥቁሩን በጥቁር ቀለም ብቻ አላደረገውም። አንዱን ፊደል ነክቼ ቁጥሩን እንድጽፍላት ጠየቀች። ይኸው፦

```
C75 M68 Y67 K90
```

C ሲያን፣ M ማጀንታ፣ Y ቢጫ፣ K ጥቁር ነው፤ በመቶኛ ድምሩ 300 ነው። ስድስት ነጥብ የሆነች ፊደል ለየቀለሙ አንድ በሆነ በአራት ፕሌት አራት ጊዜ ትታተማለች ማለት ነው፤ አንዱ ፕሌት የወረቀት ውፍረት ታህል ሸሸት ካለ ፊደሏ ጥላ ታወጣለች። ለላቲኑም ክፉ ነው፤ ለእኛ ፊደል ግን ይብሳል። ጨ እና ጩ፣ ቋ እና ቌ የሚለዩት በጭራ ነው፤ ውስጣቸው ያለችው ነጭ ቦታም ጠባብ ናት። ጥላው እሷን ይሞላታል። ካርቶኔ ላይ ያለውን ፊደል በስልክ ካሜራ አጉልቼ ሳየው በአንድ በኩል ቀላ ያለ፣ በሌላው ሰማያዊ ጠርዝ አለው። ልክ እንዳለችው።

አፈታተሿ እስከ ዛሬ የምጠቀምበት ነው። ፒዲኤፉን በአክሮባት ፕሮ ትከፍታለህ፣ Output Preview ውስጥ Process Black የሚለውን ምልክት ታነሳለህ። ትንንሹ ጽሑፍ ሙልጭ ብሎ ከጠፋ ደህና ነው። ቡናማ ጥላ ከቀረ በሌሎቹም ፕሌቶች ላይ አለ። እኔ ሳነሳው አንዲት ፊደል አልጠፋችም፤ መመሪያው በሙሉ በጭቃ የተጻፈ መስሎ ቁጭ አለ። ማረሙ ግን ቀላል ነው። ኢሉስትሬተር ላይ አንዱን ፊደል ይዘህ Select > Same > Fill Color ስትል ሁሉም ይመረጣሉ፣ ከዚያ K100፣ ሌላው ዜሮ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ያን ያህል ገንዘብ የበላችው ሁለት ደቂቃ ናት እንግዲህ።

8። ስምንተኛው ሰው ቡናውን በከረጢት የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ካርቶን ምን ያደርግልሃል፣ ቫልቭ ያለው ከረጢት ማን ጋ በርካሽ አለ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

9። ወጣቱ ተመልሶ፣ እንዲያ ከሆነ ጥቁር ሁሉ K100 ይሁን አለ። ፕሌት ቤት የሠሩት አባት ለትንሽ ጽሑፍ አዎ፣ ሰፊ ቦታ የያዘ ጥቁር ግን ብቻውን ግራጫ ይመስላል፤ እሳቸው 40 ሲያን እንደሚጨምሩበት ጻፉ። የዱባይዋ ደግሞ እሱንም ማተሚያ ቤቱን ሳይጠይቁ አይጨምሩ አለች። ይህ የሁለቱ የመጀመሪያ አለመግባባት ነው፤ ዋናው ገና ይመጣል።

10። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ልጅ ሳሙና እየሠራች ትሸጣለች። እሷ የራሷን ታሪክ አመጣች። የሳሙናዋ ሳጥን ክዳን ላይ፣ ከጠርዙ 3 ሚሊ ገባ ብሎ ዙሪያውን የሚዞር ቀጭን ወርቃማ ክፈፍ አድርጋ ነበር። እዚያ ብሊድ የሚጠይቋት በኢንች ነው፤ ስምንተኛ ኢንች፣ ከ3 ሚሊ ትንሽ ይበልጣል። እሱን በትክክል ሰጥታለች። ሳጥኑ ሲመጣ ግን ክፈፉ በአንድ በኩል 2 ሚሊ፣ በሌላው 4 ሚሊ ነው። ስትከራከራቸው አንድ ሚሊ መንሸራተት በውላቸው የተፈቀደ ነው አሏት፤ ውሉን ስታየው እውነት ነው። ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አያየውም ነበር አለች፤ ክፈፍ ግን ራሱ ማስመሪያ ነው፣ መንሸራተቱን ይናገራል። አሁን ክፈፍ አታደርግም፤ ካደረገችም ከጠርዙ 6 ሚሊ ታርቃለች።

ከክሩ ሁሉ ለእውነቱ የተጠጋ ነገር የተናገረችው እሷ ናት ብዬ አስባለሁ፤ ያኔ ግን ስለ ሳሙና ምን አገባኝ ብዬ አልፌው ነበር።

11። ስለ ነጩ የፀጉር መስመር አንድ ሰው በእርግጠኝነት መጣ። ካርቶኑ ከቃጫው አቅጣጫ ጋር ተቃርኖ ስለታጠፈ ቀለሙ ተሰነጠቀ፣ ይህ የማተሚያ ቤቱ ጥፋት ነው አለ። ልቤ ሞቀ። በመጨረሻ ጠበቃ አገኘሁ!

12። ደስታዬ ግማሽ ሰዓት ቆየ። አባትየው፣ ስንጥቅ እውነትም ነጭ ያወጣል፣ ሰውየው የሌለ ነገር አላወራም ብለው ጀመሩ። ግን ስንጥቅ ሻካራና የተቆራረጠ ነው፤ የሚመጣውም ከታጠፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ያልታጠፈውን ካርቶን ብርሃን ላይ አይተህ ንገረኝ አሉ። አየሁት። መስመሩ ያልታጠፈውም ላይ አለ፤ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ፣ ውፍረቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት።

ያ መስመር የእኔ ዳይላይን ነው። ለዳይላይኑ ለብቻው የሚቆጠር ቀለም ሰጥቼዋለሁ፣ ስሙንም Dieline ብዬዋለሁ፤ እስከዚህ ጥሩ። Overprint Stroke የሚለውን ግን አላበራሁም። እሱ ካልበራ መስመሩ ከሥሩ ያለውን አረንጓዴ ቆርሶ ለራሱ ቦታ ይይዛል። ማተሚያ ቤቱ ዳይላይኑን አያትምም፤ ሲያስወግደው የቆረሰው ቦታ ባዶ ይቀራል። አንድ ነጥብ ውፍረት የነበረው መስመር የአንድ ሚሊ ሲሶ የሚያህል ነጭ ትቶ ሄደ። እኔ ፋይሉ ላይ ያላየሁት መስመሩ ራሱ ስለሸፈነው ነው። በአክሮባት Output Preview ላይ Dieline የሚለውን ምልክት አንሳና እይ፤ ነጭ ጎዳና ከቀረ ይኸው ነው። ጥቁሩ ጽሑፍ በሚፈተሽበት በዚያው መስኮት ነው የሚታየው፤ አንድ ጊዜ ብከፍተው ኖሮ ሁለቱም ተይዘው ነበር።

ስለ ስንጥቅ የጻፈው ሰው ግን አልተሸነፈም። ሁለቱም ሊኖር ይችላል አለ፤ አንዱ ፎቶ ላይ ጥግ አካባቢ ሻካራ ቦታ አይቷል። ምናልባት ልክ ነው። ያ ጉዳይ አልተቋጨም።

13 እስከ 15። እዚህ ላይ ክሩ ተበላሸ። አንዱ ፎቶውን አጉልቶ ካርቶኑ ላይ «ጸሐይ ላይ የደረቀ» መባሉን አይቶ፣ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ እንጂ በጸሎቱ ጸ አይጻፍም አለ። ሌላው ዛሬ ማን ይለያል ብሎ ተነሣ። ሦስተኛው ካርቶን ላይ እንኳ ካልተጠነቀቅን ልጆቻችን የት ይማሩታል ብሎ ተቆጣ፤ ከዚያ ሁለቱ ስለ ሌላ ነገር መሰዳደብ ጀመሩ። እውነቱን ለመናገር ፀሐይ ባዩ ትክክል ነው፤ በሁለተኛው ኅትመት አርሜዋለሁ።

16። ማተሚያ ቤት የመቁረጫ ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ገባ። የተናደደ ሰው ነው፤ ባነበብኩት ቁጥር እኔም እናደድበታለሁ፣ ግን ነገሩ ውሸት አይደለም። ዲዛይነር ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አድርጎ ሁለት ቀለም እጥፋት ላይ ያጋጥማል፣ ከዚያ ማሽኑ ሰዓት ሠሪ እንዲሆንለት ይጠብቃል አለ። ወረቀት ይሳሳባል፣ እርጥበት ይጠጣል፣ መቁረጫው ውስጥ ሲገባ ይንሸራተታል። ከመታተሙ በፊት እንድታጸድቀው ናሙናው፣ ፕሩፉ፣ በቴሌግራም ተልኮልሃል አይደል ብሎ ጠየቀኝ። ተልኮልኛል። ምን ብለህ መለስክ? እሺ ብያለሁ። እንግዲያው የፈረምከው እሱ ነው አለ።

17። እኔ ሞቅ ብሎኝ መለስኩ። በቴሌግራም የመጣው እንደ ፎቶ ተጨምቆ ነው፣ በስልክ ስክሪን ላይ የፀጉር መስመር ማን ያያል፣ ፕሩፍ ማለት ያ ነው ወይ አልኩ። እሱም ታዲያ ለምን እሺ አልክ አለ። ሦስት ጊዜ ያህል ተመላለስን። የመድረኩ አስተዳዳሪ ሁለታችንንም ረጋ በሉ አለን።

18። አባትየው ጠቡን ሳይነኩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። ከፊቱ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለቱን እጥፋቶች ያዝና፣ ቀለሙ ከእጥፋቱ በስንት ሚሊ፣ ወደየት እንደሸሸ ለክተህ ጻፍ አሉ። ለካሁ። በቀኝ እጥፋት አረንጓዴው 0.8 ሚሊ ገደማ ወደ ፊቱ ገብቷል። በግራው ደግሞ ክሬሙ ያንኑ ያህል ወደ ጎኑ ገብቷል። እስከዚያ ድረስ ያየሁት የቀኙን ብቻ ነበር።

ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በእኩል መጠን ከሸሹ መቁረጫው ተንሸራትቷል ማለት ነው አሉ። ሁለቱም ወደ ውስጥ ወይም ሁለቱም ወደ ውጭ ቢሆኑ ኖሮ የፊቱ ልኬት ራሱ ከዳዩ፣ ካርቶኑን ከሚቆርጠው ቢላዋ፣ ጋር አይስማማም ነበር፤ ያ የፋይል ጥፋት ነው። የእኔው ስለዚህ መንሸራተት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማተሚያ ቤቱ ላይ የሚጫን ነገር ተገኘ። ግን ወዲያው ጨመሩ። 0.8 ሚሊ ለዚህ ሥራ የተለመደ ነው፣ ማንም ዳኛ አይፈርድልህም። ሁለት ቀለም ልክ እጥፋት ላይ ያጋጠመ ሰው አንዱ ካርቶን ላይ ይሳካለታል፣ ሌላው ላይ አይሳካለትም።

ከዚያ ወደ ማይገጥመው ጥግ ሄዱ። ካርቶኑ ስንት ውፍረት አለው አሉ። በካሬ ሜትር 350 ግራም ነው አልኩ። ግራም ክብደት ነው፣ ውፍረቱን ነው የጠየቅኩህ፤ አሥር ቁራጭ ደራርብና በማስመሪያ ለካ አሉ። 5 ሚሊ ሆነ፤ አንዱ ግማሽ ሚሊ ነው ማለት ነው። እኔ አራቱን ገጾች 80፣ 60፣ 80፣ 60 አድርጌ ስስል ካርቶኑን ውፍረት እንደሌለው ነገር ነው የቆጠርኩት። የመጨረሻው ጎን ዞሮ መጥቶ ከሙጫ ምላሱ ላይ ሲያርፍ፣ ጥሬ ጠርዙ የጀርባውን ጥግ አልፎ ይወጣል። ጥፍሬን ጥጉ ላይ ሳስኬድ ይይዘኛል፤ ነጩ የካርቶን ውስጥም ከላይ እስከ ታች ይታያል። ያ ጎን 59.5 መሆን ነበረበት፤ እሳቸው እንዲያውም 59 ነው የሚያደርጉት። ጆሮዎቹም ከክዳኑ ሥር ስለሚተኙ የመታጠፊያ መስመራቸው ከክዳኑ መስመር በግማሽ ሚሊ ዝቅ ማለት አለበት፤ እኔ ሁሉንም በአንድ መስመር ስላደረግኳቸው ነው ክዳኑ እንደ ዳቦ የነፋው። ወደ ውስጥ የሚገባው የክዳኑ ከንፈርም ሙሉ 80 ስለሆነ በግድ ነው የሚገባው፤ ጥጎቹ ተልጠው ነጭ ያወጡት በዚህ ነው። በሁለቱም በኩል ግማሽ ግማሽ ሚሊ ቢቀነስለት በቂ ነው።

አባትየው የጻፉት በዚህ አላለቀም፤ ዳይላይን አትሳል፣ ዳይ ሠሪውን ጠይቅ፣ እሱ ከካርቶኑ ጋር አስማምቶ ይሰጥሃል አሉ። የዱባይዋም የመቁረጫው ሠራተኛም በዚህ ተስማሙ። የተስማሙበት ብቸኛ ነገር ይህ ይመስለኛል።

19። ዋናው ክርክር የመጣው ሁለቱ ቀለሞች እጥፋቱ ላይ ምን ይደረጉ በሚለው ነው። አባትየው ጠቆር ያለው ቀለም ነጣ ወዳለው ይሻገር ባይ ናቸው። አረንጓዴው ከሁለቱም በኩል 1.5 ሚሊ ወደ ፊቱ ይግባ፤ መቁረጫው 0.8 ቢሸሽ በአንዱ በኩል 0.7፣ በሌላው 2.3 አረንጓዴ ይታያል፣ ግን የትም ቦታ ክሬም ጎን ላይ አይፈስም፤ የታሰበበት ጠርዝ ይመስላል። የዱባይዋ ተቃወመች። መደርደሪያ ላይ ሰው የሚያየው ፊቱን ነው፤ 0.7 እና 2.3 ጎን ለጎን ሲታዩ ያው የሳሙናዋ ልጅ ክፈፍ ነው አለች። ክሬሙ ወደ ጎኑ ይሻገር፣ ጎኑን ማንም አያይም። እሳቸው፣ በጥቁር አረንጓዴ ላይ የክሬም ሽራፊ ከሩቅ ይጮሃል አሉ። የሳሙናዋ ልጅ አራቱንም ገጽ አንድ ቀለም አድርጉትና ጠቡ ይለቅ አለች፤ ደንበኛዬ ግን አረንጓዴውን ጎን አልለቅም ብሏል። ሁለቱም እስካሁን በየአቋማቸው ናቸው።

20። የመጨረሻው እኔ ነኝ። ዳይላይኑን ከዳይ ሠሪው አመጣሁ፤ የመጨረሻው ጎን 59.5 ነው። ቀለሙን በክዳኑና በጆሮዎቹ ዙሪያ 3 ሚሊ አሳለፍኩ፣ ክፍተቱ ጠባብ የሆነበት ቦታ መሀል ላይ አቆምኩት። ክሬሙን ወደ ሙጫ ምላሱም 3 ሚሊ አስገባሁ፣ የቀረው ሙጫ እንዲይዝ ባዶ ነው። ፊደሉ K100። ዳይላይኑ ኦቨርፕሪንት። ከዚያ በኤ3 አተምኩና በዚያው ካርቶን ቁራጭ ላይ ለጥፌ፣ ቆርጬ አጠፍኩት። መጀመሪያ ያተምኩት ፊቱ 80 መሆን ሲገባው 77 ሆነብኝ፤ ፕሪንተሩ Fit ላይ ስለነበረ አሳንሶታል። Actual size ላይ አድርጌ ደገምኩት። ኤ3ው 297 ብቻ ስለሆነና ፕሪንተሩም እስከ ጠርዙ ስለማያትም የሙጫ ምላሱ ጫፍ ትንሽ ተቆርጧል፣ ግን ለመታጠፍ አያግድም። ሳጥፈው የክዳኑ ጽሑፍ ከፊቱ አንጻር ተዘቅዝቆ አገኘሁት። በስክሪን ሁለት ሳምንት ሳየው አልታየኝም ነበር።

እጥፋቱ ላይ አባትየውን ሰማሁ፤ አረንጓዴው 1.5 ሚሊ ተሻግሯል። ከሁለተኛው ኅትመት ሃያ ካርቶን አውጥቼ ለካሁ። አሥራ ሰባቱ ላይ ልዩነቱን የምታየው ከፈለግከው ብቻ ነው። ሦስቱን ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩ፤ የዱባይዋ አንዱን በቀይ ከባ መልሳ ለጠፈችው፣ ምንም ሳትጽፍ።

የመጀመሪያው ኅትመት ገንዘብ አልተመለሰም። ማተሚያ ቤቱ ከሁለተኛው ሥራ ላይ ትንሽ ቀንሶልኛል፤ ለዳዩ እኔ ከፈልኩ። ሁለት ሺህ ምናምን ካርቶን ቤቴ ተደርድሯል። ባለ ከረጢቱ ነጋዴ ትናንት በውስጥ መስመር ጽፎልኝ፣ ለሳምፕል መላኪያ በርካሽ ትሸጥልኛለህ ወይ ብሏል።